የዩቲዩብ ተመልካች ሪፖርት ስንት ሰዓት ልቀቁ አይላችሁም

«ስቱዲዮው ተመልካቾቼ የሚበዙት 8:00 PM ላይ ነው ይላል። በቃ ልክ በዚያ ሰዓት ልልቀቅ? ከሳውዲና ከአሜሪካም ስለሚያዩኝ ወደ እንግሊዝኛ ልቀይረው?»

ይህን አዳማ ውስጥ ቻናል ከከፈተ ሰው ሁሉ ስለምሰማ አንዴ ጽፌው ልገላገል። ለሁለቱም መልሴ አይሆንም ነው።

ሰዓቱን እናስቀድም፤ በጣም የሰለቸኝ እሱ ነው። Audience የሚለው ገጽ ላይ ያሉት ሐምራዊ ዘንጎች ተመልካቾቻችሁ ዩቲዩብ ላይ የነበሩበትን ሰዓት ነው የሚያሳዩት። የእናንተን ቪዲዮ ሲያዩ የነበሩበትን አይደለም። ሰውየው በዚያ ሰዓት ኳስ ወይም ድራማ እያየ ሊሆን ይችላል። ዩቲዩብ ራሱም የመልቀቂያ ሰዓት የቪዲዮን የረጅም ጊዜ ውጤት በቀጥታ እንደሚለውጥ አይታወቅም ብሎ ጽፏል። ሰዓቱ በእርግጥ ወሳኝ የሚሆነው ቀጥታ ስርጭት ስታደርጉ፣ ፕሪሚየር ስታዘጋጁ፣ ወይም ነገ የሚያረጅ ዜና ስትለቁ ነው።

ለሌላው ቪዲዮ ዘንጎቹ ከመጥቆራቸው አንድ ሁለት ሰዓት ቀደም ብላችሁ እንዲለቀቅ አድርጉ። ፋይሉን ግን ጠዋት ጭናችሁ ሰዓቱን ሙሉለት። አዲስ የተጫነ ቪዲዮ መጀመሪያ በዝቅተኛ ጥራት ነው የሚወጣው፤ ጥራት ያለው ቅጂ እስኪዘጋጅ ጊዜ ይወስዳል። ቸኩሎ ማታ የሚጭን ሰው የመጀመሪያዎቹን ተመልካቾች ብዥ ባለ ምስል ይቀበላቸዋል።

አሁን ደግሞ ብዙዎችን የሚያሳስተው ሰዓት አቆጣጠር። አዳማ ላይ ልብስ ስፌት የምታስተምር ደንበኛዬ «ማታ 2 ሰዓት» እያለች 2:00 PM ትሞላ ነበር። ቪዲዮዋ የሚወጣው ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ፣ ተመልካቾቿ ሥራ ላይ እያሉ ነው። ማታ 2 ሰዓት ማለት 8:00 PM ነው። ሪያድ ከእኛ ጋር አንድ ሰዓት ስለሆነ ያኔ እዚያም ማታ ነው፤ ዋሽንግተን ግን በክረምታቸው እኩለ ቀን፣ በበጋቸው ደግሞ ከቀኑ 7 ሰዓት ይሆናል። ሁለቱንም የሚያስደስት ሰዓት ስትፈልጉ አትድከሙ። ብዙ ደቂቃ የሚያይላችሁ የትኛው ነው? ለእሱ አድሉ።

ዘንጎቹ ያለፉትን 28 ቀናት ነው የሚደምሩት። ስለዚህ ረመዳን እንዳለፈ የምታዩት የሌሊት ብዛት የጾሙ ወር ልማድ ነው፤ ፕሮግራማችሁን በእሱ ከመቀየራችሁ በፊት ጥቂት ሳምንታት ጠብቁ።

ወደ ቋንቋው ስንመጣ፣ ሪፖርቱ ተመልካቹ ያለበትን አገር እንጂ አፉን የፈታበትን ቋንቋ አይነግራችሁም። አንዳንዴ አገሩም እውነተኛ አይደለም፤ ቪፒኤን የከፈተ የአዳማ ልጅ ሆላንድ ያለ ሆኖ ሊቆጠር ይችላል። ያቺው ደንበኛዬ ከተመልካቾቿ ሩብ ያህሉ ውጭ አገር መሆናቸውን አይታ እንግሊዝኛ ልጀምር አለችኝ። ተቀምጠን ኮሜንቶቹን አነበብን። ከሳውዲ የሚጽፉት ለሥራ የሄዱ የእኛው እህቶች ናቸው፤ ከአሜሪካ የሚጽፉትም የሀበሻ ቀሚስ ልክ እንዴት እንደሚወሰድ የሚጠይቁ እናቶች። በእንግሊዝኛ የጠየቀ አልነበረም። በአፋን ኦሮሞ የጠየቁ ግን ነበሩ፣ መልስም አላገኙም።

ስለዚህ ስለ ኮሌታ አሰፋፍ ያንኑ ትምህርት በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ቀረጸችው። ስናወዳድር የእይታውን ብዛት ተውነው፤ ሰብስክራይበሮቿ አማርኛ የለመዱ ስለሆኑ አማርኛው መብለጡ አይቀርም። ያየነው ሁለት ነገር ነው፦ 0:30 ላይ ስንት በመቶው ሰው እንደቀረ፣ እና በአማካይ ስንት ደቂቃ እንዳዩት። በሁለቱም የአፋን ኦሮሞው በለጠ። አሁን ለእሱ ሌላ ቻናል ከፍታለታለች፤ አንድ ቻናል ላይ ብታቀላቅለው ግማሹ ሰው የማይከፍተው ማሳወቂያ ይደርሰው ነበር።

ዕድሜና ጾታውን በጣም አትመኑት። የሚቆጠረው አካውንቱ ገብቶ የሚያይ ሰው ብቻ ነው። ብዙ ሰው ደግሞ ኢሜይሉን ያስከፈተው ስልክ ቤት ነው፤ የትውልድ ዘመኑን የሞላው ሻጩ ነው፣ እንደመጣለት። ልጅ በእናቱ ስልክ ሲያይም እናቱ ናት የምትቆጠረው።

አነጋገራችሁን በዚህ ቁጥር ብቻ አትወስኑ። ደንበኛዬ ሪፖርቱ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው ስላላት «እህቶቼ፣ አንቺ» እያለች ታስተምር ነበር፤ ኮሜንት ላይ ግን ስለ ሲንጀር መርፌ ቁጥርና ስለ ክር መወጠር የሚጠይቁት አብዛኞቹ ወንድ ልብስ ሰፊዎች ናቸው። «እናንተ» በሏቸው፤ ሁሉንም ይይዛል፣ አክብሮትም አለው። ከዚያ ሰው የሚወጣበትን ቦታ የሚያሳየውን መስመር ተመልከቱ፦ ሰላምታውና ምርቃቱ ላይ የሚወርድ ከሆነ ሰላምታውን አሳጥሩና መቀሱን ቀድማችሁ አንሱ።