ከቨር ሌተር ምንድን ነው? "አስተምራለሁም አሠለጥናለሁም" ለሚል አዲስ የስፖርት መምህር

ሰሞኑን አንድ የሥራ አማካሪ ሬዲዮ ላይ ቀርቦ "ከቨር ሌተር ማለት ሲቪያችሁን በአረፍተ ነገር አድርጋችሁ መጻፍ ነው" ሲል ሰማሁ። አንዴ ቢሆን ኖሮ ዝም ብዬ አልፈው ነበር። ግን ይኸው ምክር በየክረምቱ፣ መምህራን በሚቀጠሩበት ሰሞን፣ ደብዳቤ ሆኖ ጠረጴዛዬ ላይ ይከመራል። ሥራዬ በግል ትምህርት ቤት የስፖርት ትምህርት ክፍልን መምራት ነው፤ ማመልከቻዎቹን መጀመሪያ የማነበው እኔ ነኝ። ሲቪውን አነባለሁ፣ ከዚያ ደብዳቤውን እከፍታለሁ፣ ከዚያ ያንኑ ሲቪ እንደገና አነባለሁ።

ቀኑ ከየት በኩል እንደሚጻፍ፣ "ጉዳዩ፦ የሥራ ቅጥር ስለመጠየቅ" ከሚለው ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ አላወራም። እሱን ሁሉም ያውቃል። አንድ ገጽ ይበቃል፤ ይኸው ነው።

ሲቪ የቡድኑ ሙሉ የስም ዝርዝር ነው እንበል። ሀያ ምናምን ተጫዋች ይኖርበታል። ከቨር ሌተር የዛሬው ጨዋታ አሰላለፍ ነው። አሠልጣኙ ተጋጣሚውን ያያል፣ ሜዳውን ያያል፣ 11 ሰው ይመርጣል። የሬዲዮው ሰውዬ የሚለው ግን ሁሉንም ሜዳ አስገቡ ነው፤ ያውም ተጋጣሚው ማን እንደሆነ ሳይጠይቅ። ጎበዝ ተጫዋች አግዳሚ ወንበር ላይ የሚውልበት ቀን አለ። በዩኒቨርሲቲዎች ውድድር ያገኛችሁት ሜዳሊያም አንዳንዴ እዚያው ቢቀመጥ ይሻላል። መቼም ምሳሌው እስከ መጨረሻው አይሄድም። አሠልጣኝ በ60ኛው ደቂቃ ቅያሪ ያስገባል፤ ደብዳቤ ግን አንዴ ከተላከ ተላከ ነው። ስለዚህ ተጋጣሚውን፣ ማለትም ማስታወቂያውን፣ አስቀድሞ ደህና አድርጎ ማየት ያስፈልጋል።

አንድ ማስታወቂያ እንውሰድ። "ከ5ኛ እስከ 8ኛ ክፍል የሚያስተምር የጤናና ሰውነት ማጎልመሻ መምህር። የትምህርት ቤቱን የመረብ ኳስ ቡድን ማሠልጠን የሚችል ቢሆን ይመረጣል።" አመልካቹ ዘንድሮ ከስፖርት ሳይንስ የተመረቀ ልጅ ነው። አብዛኛው እንዲህ ይጽፋል፦ "በስፖርት ሳይንስ በከፍተኛ ውጤት የተመረቅሁ ስለሆንኩ ማስተማሩንም ሆነ ማሠልጠኑን በብቃት እንደምወጣ እገልጻለሁ።"

ደሜን የሚያፈላው ይህቺ አረፍተ ነገር ናት። ሁለት ሥራ በአንድ ትንፋሽ ተጠርቶ አንዱም አልተነካም። ማስታወቂያው አንድ ሰው ቢፈልግም የሚጠይቀው ሁለት ዓይነት ሥራ ነው። ሁለቱ ደግሞ አንዳንዴ ይጋጫሉ። የክፍል መምህር ማንንም አይመርጥም። መሮጥ የማትወደውም፣ ኳስ የምትፈራውም፣ ቱታ ረስታ የመጣችውም ተማሪዎቹ ናቸው። አሠልጣኝ ግን ይመርጣል። 12 ወይም 14 ልጅ ይይዝና ሌላውን ይመልሳል። ክፍሉን እንደ ቡድን የሚመራ መምህር በስድስት ጎበዞች ጨዋታ አድምቆ ሌላውን ዳር ላይ ያስቀምጣል። ቡድኑን እንደ ክፍል የሚመራ አሠልጣኝ ደግሞ ለሁሉም እኩል ሲያዳርስ ጨዋታው ያልቃል። ስለዚህ ስለ ሁለቱ ለየብቻ መጻፍ የግድ ነው።

ስለ ማስተማሩ ምን ይጻፍ? ርዕሰ መምህሩ ባይጠይቃችሁም በሆዱ ያለውን ጥያቄ መልሱለት። 54 ልጅ፣ 3 ኳስ፣ 40 ደቂቃ። ምን ታደርጋላችሁ?

ቁጥሩን አብረን እንየው። ልብስ መቀየር፣ ስም መጥራትና ማሟሟቅ ሲቀነስ 27 ደቂቃ ቢተርፍ ደህና ነው። አዲስ መምህር ልጆቹን በሦስት ሰልፍ ያቆማቸዋል፤ በአንድ ኳስ 18 ልጅ ማለት ነው። 27 ደቂቃ ለ18 ሲካፈል ለአንድ ልጅ አንድ ደቂቃ ተኩል ይደርሰዋል። የቀረውን 25 ደቂቃ ተኩል ቆሞ የፊቱን ልጅ ጀርባ ያያል። ከዚያ "ልጆቹ ረበሹ" ይባላል። ምን ያድርጉ ታዲያ?

አሁን ያንኑ ሜዳ ሌላ እናድርገው። የመረብ ኳስ ሜዳ 18 በ9 ሜትር ነው። መረቡ እንደ ወትሮው በወርዱ ሳይሆን፣ ገመድ በቁመቱ መሃል ለመሃል ይወጠር። ያን 18 ሜትር ለሦስት ብንከፍለው 6 ሜትር ስፋት ያላቸው ሦስት ትንንሽ ሜዳዎች ይወጣሉ። በእያንዳንዱ አራት ለአራት ሲጫወቱ 24 ልጅ በአንድ ጊዜ ይጫወታል፤ በየሜዳው አንድ ልጅ ሲዳኝ 27 ሞላ። ሌሎቹ 27 ከሜዳው ራቅ ብለው ገመድ ይዘላሉ። ራቅ ማለታቸው የግድ ነው፤ የሚንከባለል ኳስ ከሚዘል ልጅ እግር ሥር ከገባ ቁርጭምጭሚት ይዞ ይሄዳል። በየ13 ደቂቃው ይቀያየራሉ። ኳስ አልተጨመረም፣ ገንዘብም አልወጣም። የአዋቂ ወንዶች መረብ 2.43፣ የሴቶች 2.24 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ለ5ኛ ክፍል ልጅ ግን ገመዱ ወደ 2 ሜትር ገደማ ቢወርድ ነው ጨዋታ የሚሆነው። ኳሱን ለመጀመሪያ ጊዜ ያዝ አድርገው ቢያሳልፉም አትቆጡ።

እንግዲህ ይህንን የሚያውቅ ልጅ ደብዳቤው ውስጥ እንዲህ ሊጽፍ ይችላል፦

"በተግባር ልምምዴ ወቅት ያስተማርኩት 7ኛ ክፍል 54 ተማሪዎችና 3 ኳሶች ነበሩት። ገመድ በሜዳው ቁመት ወጥሬ ሦስት ትንንሽ ሜዳዎች አደረግሁ። ግማሹ ክፍል ሲጫወትና ሲዳኝ ግማሹ ገመድ ይዘላል፤ ከዚያ ይቀያየራሉ። በመጀመሪያው ሳምንት ቅያሪው ብዙ ጊዜ ስለበላብኝ፣ በሁለተኛው ቡድኖቹን ክፍል ውስጥ ከፋፍዬ ወደ ሜዳ ማውጣት ጀመርኩ። የመረብ ኳስ የአሠልጣኝነት ሰርተፍኬት የለኝም፤ በዩኒቨርሲቲ የተጫወትኩት እግር ኳስ ነው። ቡድናችሁን ብይዝ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የማተኩረው በታች እጅ ሰርቭ ማድረግና ኳስ መቀበል ላይ ነው። በዚህ ዕድሜ ነጥብ በብዛት የሚጠፋው እዚያ ነውና።"

መቶ ቃል እንኳ አይሞላም። "ታታሪ"፣ "በቡድን መሥራት የምወድ"፣ "ጫና መቋቋም የምችል" የሚል የለበትም። ግን ቅያሪው ጊዜ እንደበላበት የጻፈ ልጅ ክፍል ውስጥ ቆሞ እንደሚያውቅ ገባኝ። እንዲህ ያለው ነገር ከሌላ ሰው ደብዳቤ አይገለበጥም። (ገመዱን ግን ሁላችሁም እንዳትጽፉብኝ። አሥር ደብዳቤ ገመድ ወጥሮ ከመጣ ነገሩ ይገባኛል።)

"ሰርተፍኬት የለኝም" የሚለው ላይ የሬዲዮው ሰውዬ እንደማይስማማ አውቃለሁ። "ድክመታችሁን በራሳችሁ እጅ አትጻፉ" ብሏል። ለሌላ ሥራ ያስኬድ ይሆናል። እዚህ ግን ውኃ አያነሳም። ሰርተፍኬቱ አለመኖሩ ከሲቪው ይታያል። ዝም ካላችሁ ያላያችሁት ወይም የደበቃችሁት ይመስላል። ከተናገራችሁት ግን ቀጥሎ "ይልቅ ይህን አደርጋለሁ" ለማለት ቦታ ታገኛላችሁ። የባሰው ደግሞ የእግር ኳሱን ወረቀት ለመረብ ኳሱ ማቅረብ ነው። የካፍ ዲ ላይሰንስ ጥሩ ጅማሬ ነው፤ በካፍ መሰላል ላይ የመጀመሪያው እርከን ነው። ግን የሚናገረው ስለ እግር ኳስ ነው። ኳስ መቀበል ሲያስተምሩ እጅ የት እንደሚሆን አይነግረኝም። በነገራችን ላይ ላይሰንስ ያላቸው ሁሉ ጎበዝ አሠልጣኞች አይደሉም፤ ይህ ሌላ ወሬ ስለሆነ ልተወው።

አዲስ ተመራቂዎች ፈጽሞ የማይጽፉት አንድ ነገር አለ። እኔ ግን ቢጽፉት ደስ ይለኛል። ያው ሰው መምህርም አሠልጣኝም ሲሆን ልጁን ሁለቱም ቦታ ያየዋል። ሰኞና ረቡዕ ከትምህርት በኋላ መረብ ላይ ስትዘል የዋለች የ13 ዓመት ልጅ፣ ሐሙስ ጠዋት ክፍል ውስጥ ገመድ ዝለይ ትባላለች። በፈጣን ዕድገት ላይ ያለ ልጅ ዝላይ ሲበዛበት ከጉልበት ሎሚ በታች ያለው አጥንት ማመም ይጀምራል። እዚያ ቦታ ላይ ትንሽ እብጠት ካያችሁ፣ ሲነካም የሚያም ከሆነ፣ "ተለማመዱት" አትበሉ። ዝላዩን ቀንሱ፤ ካልተሻለ ሐኪም ይየው። አንድ ልጅ አንዱን ስፖርት በሳምንት ከዕድሜው ቁጥር ለበለጠ ሰዓት እንዳይሠራ የሚመክሩ የስፖርት ሐኪሞች አሉ። መምህሩና አሠልጣኙ ሁለት ሰው ከሆኑ ይህን ድምር የሚይዝ የለም። "የቡድኑ ልጆች ልምምድ በዋሉ ማግስት በክፍል ውስጥ ዝላይ እቀንስላቸዋለሁ" የሚል አንድ መስመር ብቻ ጻፉ። ትምህርት ቤቱ ሁለቱን ሥራ ለአንድ ሰው መስጠቱ ምን እንደሚጠቅመው እዚያው ያያል።

ዋንጫ ግን ቃል አትግቡ። ልጆቹን ሳታዩ፣ ሜዳውን ሳትረግጡ "ቡድኑን ለሻምፒዮንነት አበቃለሁ" ማለት የደላላ ወሬ ነው። ማስታወቂያውም "ማሠልጠን የሚችል" አለ እንጂ "የሚያሸንፍ" አላለም።

ይህ ሁሉ በይበልጥ የሚሠራው ለግል ትምህርት ቤት ነው። በመንግሥት ቅጥር ፈተና፣ ውጤትና ምዝገባ ስለሚቀድሙ ደብዳቤው ብዙውን ጊዜ ፋይል ውስጥ ከመያያዝ አያልፍም። ማስታወቂያው በእንግሊዝኛ ከወጣ በእንግሊዝኛ ጻፉ፤ ያኔም የገመዱን ዓይነት ነገር አትተዉ።

ስለ ክፍያስ? ለአሠልጣኝነቱ የሚከፈለውን ደብዳቤው ውስጥ አትጠይቁ። ቃለ መጠይቁ ላይ ግን፣ ውል ከመፈረማችሁ በፊት፣ ሁለት ነገር ጠይቁ። የልምምዱ ሰዓት ከሳምንታዊ ክፍለ ጊዜ ጭነታችሁ ላይ ይቀነሳል ወይስ በላዩ ላይ ይመጣል? ቅዳሜ ውድድር ሲኖር ልጆቹን የሚያጅበው እናንተ ብቻ ናችሁ ወይስ ሌላ ሰው ይመደባል? ብዙ ትምህርት ቤት "ይመረጣል" ብሎ ያስገባና ሳምንታዊ ጭነቱን ሳይነካ ቡድኑን በላዩ ይደርባል። እንዲያ ከሆነ ቢያንስ ስንት ቀን ልምምድ እንደምትይዙ በጽሑፍ ይሁንላችሁ።