ማክፈል፣ መግደፍ፣ መሻር፦ የጾም ቃላት አፈታት በሰሜን ሸዋ

በአማርኛ ቃልም ይፈታል፣ ጾምም ይፈታል። የሰሜን ሸዋን የጾም ቃላት ለልጆች፣ ለእንግዳ ወይም ለመዝገበ ቃላት ለማስረዳት የሞከረ ሰው ይህን ቶሎ ያስተውላል። ችግሩ የቃላቱ ክብደት አይደለም። ብዙዎቹ በየቤቱ፣ በየገበያው የሚነገሩ ናቸው። ችግሩ ለእያንዳንዳቸው በአንድ ቃል ፍቺ ሲሰጥ ግማሹ ትርጉም መሬት መውደቁ ነው።

ከ“ጾም” ራሱ እንጀምር። በአብዛኛው “ከምግብ መከልከል” ተብሎ ይፈታል። ሌላው ደግሞ “ሥጋና ቅቤ አለመብላት” ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው፣ ሁለቱም ጎደሎ ናቸው። በኦርቶዶክስ ሥርዓት ጾም ሁለት አጥር አለው። አንዱ የሰዓት ነው፤ ለምሳሌ ቅዳሴ እስኪወጣ ወይም እስከ 9 ሰዓት ምንም አለመቅመስ። ሌላው የምግብ ዓይነት ነው፤ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል፣ ማለትም ጥሉላት አለመንካት። 55 ቀን የሚዘልቀው ሁዳዴ ሁለቱን ለይቶ ያሳየናል። ቅዳሜና እሑድ የሰዓቱ አጥር ይነሳል፣ የምግቡ ግን ይቆያል። ደብረ ብርሃን ላይ እሑድ ረፋዱ ላይ እንጀራ በስልጆ የሚበላ ሰው “እየጾምክ ነው?” ቢባል “አዎ” ይላል። ጾምን “አለመብላት” ብሎ የተማረ ልጅ ይሄኔ ግራ ይጋባል።

አሁን ወደ ከባዱ ቃል እንምጣ። “ማክፈል” ነው። በሰሞነ ሕማማት መጨረሻ ከአንዲት የመንዝ እናት ቤት ብትገቡ፣ ሐሙስ ዕለት ስንዴና የተከካ ባቄላ አንድ ላይ ተቀቅሎ ጉልባን ሆኗል። ከዚያ “እኔ ዘንድሮ ከሐሙስ አከፍላለሁ፣ ልጄ አልቻለችም፣ ከዓርብ ታከፍላለች” ትላለች። ሐሙስ ጉልባኑን ከቀመሰች በኋላ የትንሣኤ ሌሊት ዶሮ እስኪጮህ ድረስ እህል ውሃ በአፏ አይዞርም። ልጇ ደግሞ ዓርብ ከስግደት መልስ ጥቂት ቀምሳ ከዚያ ወዲያ ትይዛለች።

ይህን ቃል ያልሰማ ሰው መጀመሪያ “ከፈለ” ትዝ ይለዋል። “ታከፍላለች” ሲባል ገንዘብ ወይም ግብር ይመስለዋል። ከተማ ያደጉ ልጆች ለአያቶቻቸው “ለማን ነው የምትከፍሉት?” ቢሉ አይፈረድባቸውም። አስረጂው ይህን ለማስተካከል ሲል “ማክፈል ማለት ሁለት ቀን መጾም ነው” ይላል። አሁን ነገሩ ይበልጥ ይበላሻል።

አንድ ፍቺ መበላሸቱን የምናውቅበት ቀላል መንገድ አለ። ፍቺውን ወስዶ በቃሉ ቦታ ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ማስገባት ነው። “እናቴ ሁለት ቀን ጾመች” የሚለው በጥቅምትም ሊሆን ይችላል፣ በነነዌም ሊሆን ይችላል። “እናቴ አከፈለች” የሚለው ግን ከትንሣኤ ዋዜማ ውጭ ቦታ የለውም። ደግሞ ሁለተኛው ጉድለት አለ። የታዘዘ ጾም አለ፣ ማክፈል ግን የቻለ ሰው በፈቃዱ የሚጨምረው ነው። ያላከፈለ ሰው ጾሙን አልሻረም። ሦስተኛው ሐሳቡ ነው። መምህራን ከክርስቶስ መከራ ጋር ከመካፈል ጋር ያያይዙታል። “ሁለት ቀን” የሚለው ቁጥር ብቻ ይዞ ይቀርና ይህ ሁሉ ይጠፋል።

በማክፈሉ ቀናት መካከል የምትውለው ቅዳሜም እንዲህ ዓይነት ስም አላት፤ ቀዳም ስዑር። በሌላ ቦታ “የትንሣኤ ዋዜማ” ተብሎ ይታለፋል። “ስዑር” ግን በግዕዝ የተሻረ ማለት ነው። ምን ተሻረ? ቅዳሜ በሥርዓቱ ከእህል የማይጾምባት ቀን ናት። በዓመት አንዴ ግን በዚህች ቅዳሜ ይጾማል፣ ልማዷ ይሻራል። ስለዚህ ስሟ ስለ በዓሉ ብቻ ሳይሆን ስለ ሕጉ ይናገራል። ሕዝቡ ካህናት የሚያድሉትን ቄጠማ ግንባሩ ላይ ስለሚያስር ለምለም ቅዳሜም ይላታል። ሁለቱን ስሞች አንድ ላይ ማስቀመጥ እንጂ አንዱን ለሌላው ማጥፋት ልክ አይመስለኝም። የአንድምታ መምህራን የሚያደርጉትም ይህንኑ ነው፤ አንዱን ትርጉም ይሰጡና “አንድም” ብለው ሌላውን ያስከትላሉ። ሁለተኛው መጀመሪያውን አይሽርም።

“መግደፍ” ላይ የሚደርሰው ስህተት ደግሞ ከዚህ ይለያል። ግዕዙ “ገደፈ” ጣለ ማለት ነው። ከዚሁ ሥር የወጣውን “ግድፈት” የምናውቀው የፊደል ግድፈት፣ የሕግ ግድፈት እያልን ነው። ስለዚህ ፍቺ ጸሐፊው “ጾም መግደፍ፦ ጾምን አፍርሶ ኃጢአት መሥራት” ብሎ ይጽፋል። ያ አንዱ አጠቃቀም ነው፤ በሁዳዴ መሐል ወተት የጠጣ ሰው “ገደፈ” ይባላል። ግን ትንሣኤ ዋዜማ ገበያ ወርዶ የሚመለስ ገበሬ የያዘው “የመግደፊያ ዶሮ” ነው። ይህ መግደፍ ደስታ ነው። ነውር የሆነውና በዓል የሆነው አንድ ግሥ ነው፣ የሚለያቸው ጊዜው ነው። “መሻር” ግን ሁልጊዜ ወደ ጥፋቱ ያደላል። “መፍታት” ደግሞ ወደ ተፈቀደው። ሦስቱን “ጾም ማቆም” በሚል አንድ ፍቺ መጠቅለል ሦስት የተለያዩ ሰዎችን በአንድ ስም መጥራት ነው።

ልብ የሚባል ነገር አለ። በሁዳዴ 9 ሰዓት ላይ ሽሮ የበላ ሰው አልገደፈም፣ ጾሙንም አልፈታም። የሰዓቱን አጥር አለፈ እንጂ ጾሙ ላይ ነው። እህል ቀመሰ ይባላል፣ አበቃ።

ይህ በይፋት በኩል ሲወርዱ ይለወጣል። በሸዋ ሮቢትና በአካባቢው የሚኖሩ ሙስሊሞች ረመዳን ላይ ፀሐይ ስትጠልቅ “ያፈጥራሉ”። ቃሉ ከዐረብኛው ኢፍጣር የመጣ ነው፤ በአማርኛ “ፈጠረ” ከሚለው ጋር ሊምታታ ይችላል፣ ልክ “አከፈለ” ከግብር ጋር እንደሚምታታው። ማፍጠር በየምሽቱ ነው፣ የቀኑ ጾም እዚያው ይዘጋል። ሥጋም ሊበላ ይችላል። ስለዚህ ማፍጠርን “መግደፍ” ብሎ መተርጎም ለሁለቱም ጎረቤት አይሆንም። በሕመም ያለፈውን ቀን በኋላ መጾም “ቀዷ ማውጣት” ይባላል። ለዚህም በኦርቶዶክሱ የጾም አቆጣጠር ውስጥ አቻ ቃል ከመፈለግ ቃሉን እንዳለ አስቀምጦ ማብራራት ይሻላል።

ታዲያ አንድ ጥሩ ፍቺ ምን ይመስላል? ለ“ማክፈል” እኔ ብጽፈው እንዲህ እለው ነበር፦

ማክፈል (አከፈለ፣ ያከፍላል፣ አክፍሎት)፦ ከጸሎተ ሐሙስ ወይም ከስቅለት ዓርብ ማታ ጀምሮ እስከ ትንሣኤ ሌሊት እህልም ውሃም ሳይቀምሱ መቆየት። በፈቃድ የሚደረግ ነው፤ ሁሉም ሰው አይገደድም። የሚያደርገው ሰው አክፋይ ይባላል። “ዘንድሮ ከዓርብ አከፈልኩ” ይላል። የሚያበቃው በመግደፍ ነው። ከገንዘብ መክፈል ጋር አይምታታ።

ረዘም ይላል። ግን ቃሉን ራሱን አልተካም፤ ቃሉ ከነስሙ ቆሟል፣ ዙሪያው ነው የተብራራው። ጊዜው አለ፣ የሚያደርገው ሰው አለ፣ የሚያበቃበት ግሥ አለ፣ የሚያሳስተው መንትያ ቃል አለ። ያቺ የመንዝ እናት ቢነበብላት፣ የምታርመው ነገር ቢኖር እንኳ “ይሄ የኔ ነገር አይደለም” አትልም።