አቼቶ በኮስቲክ ሶዳ ሲለካ፦ የሶዲየም አሲቴት ሃይድሮሊሲስ በድሬዳዋና በሐረር

ከደካማ አሲድና ከጠንካራ ቤዝ የተገኘ ጨው ውሃ ውስጥ ሲሟሟ ሶሉሽኑ የቤዝነት ጠባይ ያሳያል። ይህ የሚሆነው ከጨው አዮኖች አንዱ ከውሃ ጋር ስለሚዋሃድ ነው፤ ሂደቱም ሃይድሮሊሲስ ይባላል። የ12ኛ ክፍል የኬሚስትሪ ተማሪ ይህን ዓረፍተ ነገር በቃሉ ሊለው ይችላል፤ ምን ያህል ቤዝ እንደሚፈጠርና ልኬትን እንዴት እንደሚያዛባ ሲጠየቅ ግን ብዙ ጊዜ ይቸገራል። ለዚህ ጥያቄ ከሶዲየም አሲቴት የተሻለ ምሳሌ አይገኝም፤ ምክንያቱም ይህ ጨው ከሱቅ ተገዝቶ መምጣት ሳያስፈልገው፣ የወጥ ቤት አቼቶ በኮስቲክ ሶዳ በሚለካበት ቡሬት ሥር በራሱ ይፈጠራል።

በመጀመሪያ የገበታ ጨው ለምን እንዲህ እንደማያደርግ ማየት ይጠቅማል። ሶዲየም ክሎራይድ ሲሟሟ የሶዲየምና የክሎራይድ አዮኖች ይለያያሉ። ክሎራይድ የሃይድሮክሎሪክ አሲድ ቅሪት ነው፤ ይህ አሲድ ጠንካራ በመሆኑ ፕሮቶኑን ውሃ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ይለቃል፤ ስለዚህ ክሎራይድ ፕሮቶን መልሶ የመያዝ ፍላጎት የለውም፤ ሶሉሽኑም ገለልተኛ ሆኖ ይቀራል። አሲቴት ግን የአሴቲክ አሲድ ቅሪት ነው። አሴቲክ አሲድ ፕሮቶኑን አጥብቆ የሚይዝ ደካማ አሲድ ስለሆነ፣ ፕሮቶኑን ያጣው አሲቴት ያገኘውን ፕሮቶን ለመያዝ ይጥራል። በዙሪያው ያለው ውሃ ስለሆነ ከውሃው ይወስዳል፦

```
CH₃COO⁻ + H₂O ⇌ CH₃COOH + OH⁻
```

ውሃው ፕሮቶኑን ሲነጠቅ የሚቀረው ሃይድሮክሳይድ ነው፤ የቤዝነቱ ምንጭም ይኸው ነው። ሶዲየም በዚህ ሁሉ ተመልካች ነው፤ ሃይድሮክሳይዱን ይዞ የማስቀረት አቅም የለውም፤ ምክንያቱም ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ጠንካራ ቤዝ ነውና ውሃ ውስጥ ተበታትኖ ነው የሚኖረው። አንዳንድ መጻሕፍት ጨው ከውሃ ጋር ሲዋሃድ አሲዱንና ቤዙን መልሶ ይሰጣል ብለው ያቀርቡታል። አነጋገሩ ቀላል ቢሆንም፣ ሁለቱም እኩል የሚወለዱ ያስመስላል፤ በእውነቱ ከውሃ ጋር የሚሠራው አሲቴቱ ብቻ ነው።

የሂደቱ መጠን የሚታወቀው በሁለት ቋሚ ቁጥሮች ነው። በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የአሴቲክ አሲድ መለያ ቋሚ (Ka) 1.75 × 10⁻⁵ ሲሆን የውሃ ቋሚ (Kw) 1.0 × 10⁻¹⁴ ነው። የአሲቴት የሃይድሮሊሲስ ቋሚ የሚገኘው ሁለተኛውን ለመጀመሪያው በማካፈል ነው፤ ውጤቱም 5.7 × 10⁻¹⁰ ይሆናል። ከዚህ ክፍልፋይ እንደሚታየው አሲዱ ይበልጥ በደከመ ቁጥር አካፋዩ ያንሳል፤ የጨው ቤዝነትም ያድጋል። የበረኪናው ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ለዚህ ማስረጃ ነው፤ የአሲዱ ቋሚ ወደ 3 × 10⁻⁸ ስለሆነ፣ በእኩል ክምችት ከአሲቴት እጅግ የበለጠ ሃይድሮክሳይድ ይፈጥራል። በረኪና ላይ አቼቶ ወይም ሎሚ ማፍሰስ አደገኛ የሚሆነውም ሂደቱ ይበልጥ ወደ ፊት ስለሚገፋ ነው፤ አሲዱ ሃይድሮክሳይዱን ሲበላ ሃይፖክሎረስ አሲድ ይከማቻል፤ እሱም በረኪናው ውስጥ ካለው ክሎራይድ ጋር ተገናኝቶ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል።

አሁን ወደ ቡሬቱ። ድሬዳዋ ውስጥ በአንድ የትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ተማሪዎች የአቼቶን ጥንካሬ ይለካሉ እንበል። ጠርሙሱ ላይ 5 በመቶ ይላል፤ ይህም በአንድ ሊትር 50 ግራም አሴቲክ አሲድ፣ ማለትም 0.83 ሞል ነው። 10 ሚሊ ሊትር አቼቶ በተጣራ ውሃ እስከ 100 ሚሊ ሊትር ይቀጥናል፤ ከዚያ 25 ሚሊ ሊትር በፒፔት ተወስዶ በ0.10 ሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ይለካል። አሲዱ ሙሉ በሙሉ የሚያልቀው ከቡሬቱ 20.8 ሚሊ ሊትር ሲወርድ ነው። በዚያች ቅጽበት ብልቃጡ ውስጥ የተረፈ አሲድም የተረፈ ኮስቲክ ሶዳም የለም፤ ያለው 45.8 ሚሊ ሊትር የሶዲየም አሲቴት ሶሉሽን ነው፤ ክምችቱም 0.0455 ሞላር ነው። አሲዱና ቤዙ እኩል ስለተገናኙ ፒኤቹ 7 ይሆናል ብሎ መጠበቅ የተለመደ ስሕተት ነው። ስሌቱ እንዲህ ይላል፦

```
[OH⁻] = √(5.7 × 10⁻¹⁰ × 0.0455) = 5.1 × 10⁻⁶
pOH = 5.29
pH = 14.00 − 5.29 = 8.71
```

ከውሃ ጋር የተዋሃዱት አሲቴቶች ጥቂት ናቸው፤ ከ9,000 ገደማ አንዱ ብቻ ነው ፕሮቶን የያዘው። በስሌቱ የአሲቴቱን ክምችት እንዳልቀነሰ አድርጎ መውሰድ የሚያስችለውም ይኸው ትንሽነት ነው። እንደ ሶዲየም ካርቦኔት ላለ ጨው ግን ይህ አቋራጭ መላላት ይጀምራል፤ በ0.10 ሞላር ካርቦኔት ከመቶው ከአራት በላይ የሚሆነው ስለሚቀየር እኩልታውን ሙሉውን መፍታት ይሻላል።

ከ9,000 አንድ የሆነ ነገር ልኬቱን ምን ያህል ይጎዳዋል? መልሱ በምርጫችን ላይ የተንጠለጠለ ነው። ፒኤች ሜትር ያለው ተማሪ በስሕተት 7 ላይ ቢያቆም የሚጎድልበት 0.12 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ ማለትም ሁለት ሦስት ጠብታ ነው፤ አንዳንድ መምህራን እንደሚያስፈራሩት ሥራው ሁሉ አይበላሽም። ኢንዲኬተሩን የሳተ ግን ሌላ ጣጣ ይገጥመዋል። ሜቲል ኦሬንጅ ከቀይ ወደ ቢጫ ለውጡን የሚጨርሰው ፒኤች 4.4 አካባቢ ነው። በዚያ ደረጃ የተበላው አሲድ 30 በመቶ ብቻ ሲሆን ከቡሬቱ የወረደውም 6.4 ሚሊ ሊትር ነው። ተማሪው ቢጫውን አይቶ ቢያቆም፣ 5 በመቶውን አቼቶ 1.5 በመቶ ብሎ ይመዘግባል፤ ባለሱቁም ያለ ጥፋቱ ውሃ ደባላቂ ይባላል። ስሕተቱን ከብልቃጡ ማወቅ ይቻላል፤ ሜቲል ኦሬንጅ በአቼቶ ላይ ቀለሙን በአንዲት ጠብታ አይቀይርም፤ ብዙ ሚሊ ሊትር እስኪወርድ ድረስ ብርቱካናማ እየሆነ ቀስ በቀስ ይሄዳል። እንዲህ የሚያመነታ ቀለም ኢንዲኬተሩ በቦታው እንዳልሆነ ምልክት ነው። ፌኖልፍታሊን በ8.2 እና በ10 መካከል ስለሚለወጥ 8.71 በውስጡ ይወድቃል፤ አንዲት ጠብታ ቀለም የለሹን ሶሉሽን ሐመር ሮዝ ታደርገዋለች።

ሮዙ ቀለም ከተተወ በጥቂት ደቂቃ ይጠፋል። ብዙዎች ይህን አይተው አሲድ ቀርቷል ብለው ኮስቲክ ሶዳ ይጨምራሉ። የሚሆነው ግን ሌላ ነው፤ 5 ማይክሮ ሞል ገደማ ሃይድሮክሳይድ ብቻ በሊትር ያለው ሶሉሽን ከአየር የሚገባውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ መቋቋም አይችልም። ሮዙ ብልቃጡ እየተነቀነቀ ግማሽ ደቂቃ ከቆየ ልኬቱ አልቋል።

የውሃው ጉዳይ ለድሬዳዋ የተለየ ነው። ከተማዋ የምትጠቀመው የከርሰ ምድር ውሃ የኖራ ድንጋይ የነካው በመሆኑ፣ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይተዋል። ቅርፊቱን የሚያወርደው ካልሲየም ባይካርቦኔት ራሱ የደካማ አሲድና የጠንካራ ቤዝ ጨው ነው፤ የቧንቧውን ውሃም ወደ ቤዝነት ያዘነብለዋል። አቼቶው በተጣራ ውሃ ፈንታ በቧንቧ ውሃ ቢቀጥን፣ ባይካርቦኔቱ ከቡሬቱ በፊት የተወሰነ አሲድ ይበላል። በአንድ ሊትር 5 ሚሊ ሞል ባይካርቦኔት ቢኖር በምሳሌያችን ከአሲዱ 5 በመቶ ያህሉን ያጠፋል። የተፈጠረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውሃው ውስጥ ተሟሟቶ ከቀረ ፌኖልፍታሊን ሮዝ እስኪሆን በኮስቲክ ሶዳው መልሶ ስለሚበላ ስሕተቱ ይካካሳል፤ አረፋ ሆኖ ካመለጠ ግን ጉድለቱ በውጤቱ ላይ ይቀራል። አንዱ ቡድን ብልቃጡን አጥብቆ ሲነቀንቅ ሌላው ቀስ ካለ፣ በአንድ ውሃ ሁለት መልስ የሚወጣው በዚህ ነው።

የቀረው ሙቀቱ ነው። መጽሐፉ ሁሉንም በ25 ዲግሪ ያሰላል፤ በግንቦት የድሬዳዋ ከሰዓት ግን ማራገቢያ የሌለው ክፍል 35 ዲግሪ መድረሱ አያስገርምም። ወደ 55 ኪሎ ሜትር የሚርቀው ሐረር ደግሞ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ያለ በመሆኑ በ20 ዲግሪ ይሠራ ይሆናል። አሴቲክ አሲድ በዚህ የሙቀት ልዩነት ብዙም አይለወጥም፤ የውሃው ቋሚ ግን ይለወጣል። በ20 ዲግሪ 0.68 × 10⁻¹⁴ የነበረው በ35 ዲግሪ 2.1 × 10⁻¹⁴ ይሆናል። የሃይድሮሊሲስ ቋሚው ከውሃው ቋሚ ጋር አብሮ ስለሚያድግ፣ የዚያው የሶዲየም አሲቴት ሶሉሽን ሃይድሮክሳይድ በሐረሩ 4.2 × 10⁻⁶፣ በድሬዳዋው 7.4 × 10⁻⁶ ይደርሳል። ሙቀቱ ሃይድሮሊሲሱን ያበረታል ማለት ነው።

ፒኤች ሜትሩ ግን ተቃራኒውን የሚናገር ይመስላል፦ በሐረር 8.79፣ በድሬዳዋ 8.55። ግጭቱ የሚፈታው ገለልተኛው ነጥብ ራሱ እንደሚንቀሳቀስ ሲታወስ ነው። ንጹሕ ውሃ በ20 ዲግሪ ፒኤቹ 7.08፣ በ35 ዲግሪ 6.84 ነው፤ ስለዚህ ሃይድሮክሳይዱ እየጨመረ ፒኤቹ ሊቀንስ ይችላል። በ35 ዲግሪ 14.00 ላይ ፒኦኤችን የሚቀንስ ተማሪ 8.87 ያገኛል፤ ሜትሩ 8.55 ሲያሳየው መሣሪያው ተበላሽቷል ይላል። መቀነስ የነበረበት ከ13.68 ነው። ሜትሩ ላይ ያለው የሙቀት ማስተካከያ ይህን አይሸፍንለትም፤ የሚያስተካክለው የኤሌክትሮዱን ምላሽ እንጂ ብልቃጡ ውስጥ ያለውን የኬሚካል ሚዛን አይደለም። ስለዚህ በድሬዳዋ የተነበበ 8.55 እንደተነበበ ከሙቀቱ ጋር ይጻፋል፤ ወደ 8.71 አይጎተትም።