ሰልፊ ላይ የሚታየው አፍንጫ የእርስዎ አፍንጫ አይደለም

«እህቴ፣ ሰልፊዬን ልኬልሻለሁ። ፊቴ ረጅምና ቀጭን ነው፤ አፍንጫዬም ትልቅ ነው። ይህን የሚያመጣጥንልኝ ሰፋ ያለ የመነጽር ፍሬም ምረጪልኝ።»

እንዲህ ያለ መልእክት ሳይደርሰኝ የሚያልፍ ሳምንት የለም። መጠየቃቸው አያስቆጣኝም፤ ሥራዬ ነው። የሚያስቆጣኝ ሰዎች በፊታቸው ላይ የሌለ ጉድለት ከስልክ ተውሰው፣ አምነውበት፣ እሱን ለመሸፈን ገንዘብ ሊያወጡ መምጣታቸው ነው። ስለዚህ ደጋግሜ የምሰማቸውን አንድ በአንድ ልመልስ።

«ሰልፊ እውነተኛ ፊቴን ያሳያል»

አያሳይም። ክንድ አጠፍ ተደርጎ በሚነሳ ሰልፊ ስልኩ ከአፍንጫ ጫፍ የሚርቀው 30 ሴንቲሜትር ያህል ነው። ጆሮ ደግሞ ከአፍንጫ ጫፍ ወደ ኋላ 12 ሴንቲሜትር ገደማ ይርቃል እንበል። እንግዲህ ካሜራው ከአፍንጫው በ30፣ ከጆሮው በ42 ሴንቲሜትር ርቀት ላይ ቆሟል ማለት ነው። ካሜራ ቅርቡን አግዝፎ፣ ሩቁን አሳንሶ ነው የሚያነሳው። 42 ለ30 ሲካፈል 1.4 ይሆናል፤ ስለዚህ አፍንጫው ከጆሮው ጋር ሲነጻጸር በ40 በመቶ ገዝፎ ይወጣል። ስልኩን ወደ አንድ ሜትር ተኩል ብናርቀው ስሌቱ 162 ለ150 ነው፤ ልዩነቱ ወደ 8 በመቶ ይወርዳል። ሰው ቆሞ ሲያነጋግረን የሚያየን ከዚህኛው ርቀት ነው እንጂ አፍንጫችን ሥር ተጠግቶ አይደለም።

ነገሩ በአፍንጫ አያበቃም። የጆሮ ግንድና የጉንጭ ዳር ወደ ኋላ የሸሹ ስለሆኑ በቅርብ ፎቶ ላይ የፊት ስፋት ይጠባል፤ ክቡም ፊት ረዘም ቀጠን ብሎ ይወጣል። ስልኩ ከፍ ከተደረገ ግንባር ይሰፋና አገጭ ይሾላል፤ ዝቅ ከተደረገ መንጋጋው ይከብዳል። «የእኔ ስልክ እኮ ውድ ነው» የሚሉኝ አሉ። የስልክ ዋጋ ርቀትን አይለውጥም።

መልእክቱን የላከችልኝን ልጅ ሰልፊውን ትታ በሌላ መንገድ እንድትነሳ አደረግኋት። እህቷ አንድ ሜትር ተኩል ርቃ ቆመች፤ ስልኩን በዓይኗ ትክክል ያዘች፤ በኋላ ካሜራው ሁለት እጥፍ አቅርባ አነሳቻት። ፀጉሯን ወደ ኋላ አስያዘች። ግንባሯ ላይ ደግሞ የባንክ ካርድ ለጥፋ ያዘች፤ የባንክ ካርድ ስፋት የትም አገር 85.6 ሚሊሜትር ስለሆነ ጥሩ መለኪያ ነው። ፎቶው ላይ ካርዱ 30 ሚሊሜትር፣ ከጆሮ ግንድ እስከ ጆሮ ግንድ ያለው ደግሞ 46 ሚሊሜትር ሆኖ ተገኘ። 46ን ለ30 አካፍለን በ85.6 ስናባዛው የፊቷ ስፋት 131 ሚሊሜትር ግድም ሆነ። በሰልፊው ላይ የፊቷ ርዝመት የስፋቱን አንድ ተኩል ያህል ነበር፤ በዚህኛው 1.3 ብቻ። ረጅምና ቀጭን ያለችው ፊት መካከለኛ ፊት ነበር። ያሳሰባት አፍንጫም ከፊቷ ጋር የተስማማ ነበር።

«ትልቅ ፍሬም ፊትን ያመጣጥናል»

እሷ የመረጠችው ፍሬም በውስጥ በኩል 56 እና 18 የሚል ቁጥር ነበረው። የመጀመሪያው የአንዱ መስታወት ስፋት ነው፤ ሁለተኛው በአፍንጫ ላይ የሚያልፈው ክፍተት፤ ሁለቱም በሚሊሜትር። ሁለቱ ሲደመሩ 74 ይሆናሉ፤ ይህም በሁለቱ መስታወቶች መሐል ነጥቦች መካከል ያለው ርቀት ነው። የእሷ የዓይን ብሌኖች ግን 60 ሚሊሜትር ብቻ ነው የሚራራቁት። መስታወቱ በትክክል የሚያሳይበት ነጥብ ከብሌኗ ፊት መዋል ስላለበት፣ በየዓይኑ 7 ሚሊሜትር ወደ አፍንጫ መግፋት ግድ ይላል።

የእሷ መነጽር ለሩቅ የሚሆን፣ ቁጥሩ ከዜሮ በታች 5 ነው። እንዲህ ዓይነቱ መስታወት መሐሉ ስስ፣ ዳሩ ወፍራም ነው፤ ከመሐል በራቀ ቁጥር ውፍረቱ በፍጥነት ይጨምራል። መሐሉ 2 ሚሊሜትር በሆነ ተራ ፕላስቲክ ሳሰላው በዚያ ፍሬም የውጭ ዳሩ ከ8 ሚሊሜትር ይበልጣል። 48 እና 18 በሚለው ፍሬም ግን መግፋት ያለብን 3 ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ ዳሩም ከ6 ሚሊሜትር በታች ይወርዳል። ቀጭን መስታወት መግዛት ይቻላል፤ ነገር ግን ትንሹ ፍሬም በነጻ የሚሰጠውን በገንዘብ መግዛት ነው።

በሱቅ ውስጥ በተነሳ ሰልፊ ላይ ይህ ሁሉ አይታይም፤ ምክንያቱም መደርደሪያ ላይ ያለው ፍሬም የያዘው ቁጥር የሌለው ባዶ ፕላስቲክ ነው። ከዜሮ በታች የሆነ መስታወት ሲገባበት ከኋላው ያለው ዓይን ያንሳል፤ የፊት ዳርም በመስታወቱ ውስጥ ወደ ውስጥ ገብቶ ይታያል። መስታወቱ ሲሰፋ ያ የተሰበረ መስመር ይበልጥ ይጋለጣል። ለማመጣጠን ተብሎ የተገዛው ሰፊ ፍሬም ፊትን ከሁለት ቦታ ይቆርጠዋል።

«ለክብ ፊት አራት ማዕዘን፣ ለአራት ማዕዘን ፊት ክብ»

ይህ ስለ ቅርጽ ብቻ ያወራል። የፍሬሙ ጠቅላላ ስፋት ከፊት ስፋት ጋር ካልተቀራረበና ብሌኑ ወደ መስታወቱ መሐል ካልተጠጋ ቅርጹ ምንም ቢሆን አያድንም።

«የብሌን ርቀቴን ከሰልፊ ለኪልኝ»

አልለካም። ዓይን ቅርብ ያለ ነገር ሲያይ ወደ ውስጥ ይዞራል፤ ንባብ በሚያህል ርቀት እንኳ ብሌኖች 3 ሚሊሜትር ያህል ይቀራረባሉ። በዚያ ልኬት የተሠራ የሩቅ መነጽር ስህተቱን ይዞ ይሠራል።

«ፍሬሙ ጠማማ ነው፣ ሰልፊዬ ላይ አይቼዋለሁ»

በዚህ ምክንያት ደህና ፍሬም የሚመልሱ አሉ። የፊት ካሜራ ሲያነሱ ስክሪኑ ላይ የሚታየው እንደ መስታወት የተገለበጠ ነው፤ ብዙ ስልኮች ሲያስቀምጡት ግን ይመልሱታል። የለመዱት ፊት ግራና ቀኙ ሲቀያየር ትንሿ የቅንድብ ወይም የጆሮ ከፍታ ልዩነት ጎልታ ትወጣለች፤ ጥፋቱም በፍሬሙ ይሳበባል። መነጽሩን ክንዶቹን ዘርግተው ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡት። አራቱም ጫፎች እኩል ካረፉ ፍሬሙ ቀጥ ያለ ነው፤ ልዩነቱ ከጆሮዎ ነው፤ እኩል የሆነ ጆሮ ያለው ሰው ደግሞ ጥቂት ነው። መፍትሔው ሌላ ፍሬም መግዛት አይደለም፤ የሁለት ደቂቃ ማስተካከያ ነው። ከፍ ብሎ የሚቀመጠው ቀኙ ከሆነ የቀኙን ክንድ ከማጠፊያው አጠገብ በጥቂቱ ወደ ላይ እናዘነብለዋለን፤ ያኔ የፍሬሙ ቀኝ ጎን ዝቅ ይላል። ፕላስቲክ ከሆነ መጀመሪያ እናሞቀዋለን፤ ሳይሞቅ የታጠፈ ይሰበራል።

ልጅቷ በመጨረሻ የወሰደችው 48 እና 18 የሚለውን ነው። የፍሬሙን ጠቅላላ ስፋት በማስመሪያ ስለካው 129 ሚሊሜትር ሆነ፤ ከ131 ሚሊሜትር ፊቷ ጋር ተቀራረበ። ቅንድቧ ከላይኛው ጠርዝ በላይ ይታያል፤ ስትስቅም ጉንጯ ፍሬሙን አይገፋውም። ቤቷ ደርሳ እንደገና ሰልፊ ተነሳችና «ፊቴን የዋጠው መሰለኝ» ብላ ላከችልኝ። ፍሬም ከፊት ቀድሞ ስለሚቀመጥ ለስልኩ ይቀርባል፤ እንደ አፍንጫው ሁሉ እሱም ይገዝፋል። ስልኩን ለእህቷ እንድትሰጥና አንድ ሜትር ተኩል እንድትርቅ ነገርኳት።