«ሆብስ ሰው ክፉ ነው ብሏል» እና ሌሎች ወረቀት ሳርም የሚያናድዱኝ መልሶች

ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ፍልስፍና አስተምራለሁ። በየሴሚስተሩ አንድ ጥያቄ አይቀርም፦ ሰዎች መንግሥት ከሌለበት የተፈጥሮ ሁኔታ ወጥተው፣ በጋራ ሥልጣን ሥር ለመኖር የሚስማሙበትን ማኅበራዊ ውል የገቡት ለምንድን ነው? ሆብስን፣ ሎክንና ሩሶን አነጻጽሩ። በየሴሚስተሩ የሚመጣውም መልስ ያው ነው። ለሆብስ ሰው ክፉ ነው፣ ለሎክ ጥሩ ነው፣ ለሩሶ በጣም ጥሩ ነው። አለቀ! ሦስት ትልልቅ ሰዎች በሦስት መስመር ተቀበሩ። ከዚህ በታች ያሉት ከፈተና ወረቀት፣ ከቡና ወሬ፣ አንዳንዴም ከባልደረቦቼ አፍ የለቀምኳቸው ናቸው።

«ድሮ ሰዎች ተሰብስበው ውል ተፈራርመዋል ብለው ያምናሉ።»

ሆብስ በመላው ዓለም የተፈጥሮ ሁኔታ የነገሠበት ዘመን ነበር ብሎ እንደማያምን ራሱ ጽፏል። ሩሶ ገና ሲጀምር እውነታዎችን ሁሉ ወደ ጎን እንተዋቸው ይላል። ታሪክ የሚወደው ሎክ ነው፤ ሮምንና ቬኒስን ይጠቅሳል። ዋናው ጥያቄያቸው ግን «መቼ ሆነ?» ሳይሆን «መንግሥት ባይኖር ምን ይጎድለናል?» ነው።

«ሆብስ እንደሚለው ሰው በተፈጥሮው ክፉ ስለሆነ ነው መንግሥት ያስፈለገው።»

የኔ በሽታ ይቺ ናት። ታገሡኝ፣ ትንሽ እቆይባታለሁ።

የሆብስ መጽሐፍ «ሌዋታን» የታተመው በ1651 እ.ኤ.አ. ነው። 13ኛውን ምዕራፍ ክፈቱ። መጀመሪያ የምታገኙት ክፋትን አይደለም፤ እኩልነትን ነው። ሆብስ እንደሚለው ደካማው ሰው እንኳ ብርቱውን መግደል ይችላል። ወይ በተንኮል፣ ወይ ከሌሎች ጋር አብሮ። ጎልያድም ቢሆን ሌሊት ይተኛል። ስለዚህ በጉልበቱ ተማምኖ እፎይ የሚል ሰው የለም።

ከዚያ የጠብ ምክንያቶች ይመጣሉ። ሦስት ናቸው፦ ፉክክር፣ አለመተማመን እና ክብር ፍለጋ። ተማሪዎቼ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ይጽፋሉ፤ መካከለኛውን ይዘሉታል። የነገሩ ሞተር ግን መካከለኛው ነው።

እስቲ በቀስታ እንሂድበት። እኔና አንተ ጎረቤት ነን እንበል። ፖሊስ የለም፣ ዳኛ የለም። ሁለታችንም ያለን ይበቃናል። ግን እንደሚበቃህ እኔ በምን አውቃለሁ? እንደሚበቃኝስ አንተ በምን ታውቃለህ? ስለዚህ ትጠረጥረኛለህ። እንደምትጠረጥረኝ ደግሞ እኔ አውቃለሁ። የጠረጠረ ሰው ቀድሞ ሊመታ ይችላል። እንግዲያው እኔ ልቅደም። አንተም እዚያ ቤትህ ቁጭ ብለህ ልክ ይህንኑ እያሰብክ ነው። ከሁለታችን ክፉ የሆነ የለም። ጠቡ ግን ደርሷል።

ሆብስ በድል አድራጊነት የሚደሰቱ አንዳንድ ሰዎች እንዳሉ አይክድም። ቁምነገሩ ግን ጥቂት መሆናቸው ላይ ነው። ማን እንደሆኑ ስለማይታወቅ በልኩ መኖር የሚበቃው ጨዋ ሰውም ቀድሞ ካልተጠናከረ ብዙ አይቆይም።

ይህን ክፍል ውስጥ ሳስረዳ ስለ ታክሲ አነሳለሁ። በዝናብ ማታ፣ ሰልፍ የሌለበት ፌርማታ ላይ ቆማችሁ ታውቃላችሁ? ቀን ላይ ለአሮጊት ወንበር የሚለቅ ሰው ማታ በክርኑ ይገፋል። እኔ ራሴ ገፍቻለሁ፤ ያውም የራሴን ተማሪ። በማግስቱ ክፍል ውስጥ ተያይተን ሁለታችንም አፈርን። እዚያው ቦታ ላይ አንድ ተራ አስከባሪ ካለ ግን ያው ሰው፣ በያው ዝናብ፣ ቆሞ ይጠብቃል። በአንድ ተራ አስከባሪ የሰው ተፈጥሮ አይለወጥም። የተለወጠው ሌላው ይገፋኛል የሚለው ስጋት ነው።

ሆብስ ራሱ የሚያቀርበው ማስረጃ ከታክሲም ይቀርባል። መንገድ ስትሄድ ትታጠቃለህ፣ ስትተኛ በርህን ትቆልፋለህ፣ ቤትህ ውስጥ እንኳ ሳጥንህን ትቆልፋለህ፤ ያውም ሕግ ባለበት አገር። እኔ በቃል የምከሰውን ሰው አንተ በቁልፍህ እየከሰስከው አይደለም ወይ? ይላል። ቀጥሎ ያለውን ዓረፍተ ነገር ግን ማንም አይጠቅስለትም። ሁለታችንም የሰውን ተፈጥሮ አልወነጀልንም፤ የሰው ምኞትና ስሜት በራሱ ኃጢአት አይደለም ይላል። ይህ ጥቅስ ያለበትን ወረቀት ያመጣልኝን ተማሪ ምሳ እጋብዛለሁ ካልኩ ቆየሁ። እስካሁን አንድ ብር አላወጣሁም።

«ጦርነት» ሲልም በየቀኑ ይገዳደላሉ ማለቱ አይደለም። በአየር ጠባይ ያስረዳዋል። አንድ ሁለት ካፊያ መጥፎ አየር አያሰኝም፤ ለብዙ ቀን እንደከበደ ሲቆይ ነው። ጦርነትም እንደዚያ ነው፣ ሊነሳ ይችላል የሚለው ስጋት ያንዣበበበት ጊዜ ሁሉ። በዚያ ደመና ሥር ማን ያርሳል? ማን ይገነባል? ፍሬውን ማን እንደሚበላው አይታወቅም። ያ ስመ ጥር «ብቸኛ፣ ድሃ፣ አስቀያሚ፣ አውሬያዊና አጭር» ሕይወት የመጣው ከዚህ ነው።

ታዲያ ምን ያስወጣቸዋል? «ፍርሃት» ብሎ ያቆመ ግማሽ ማርክ ያገኛል። ሆብስ ሦስት ነገር ነው የቆጠረው፦ የሞት ፍርሃት፣ የተመቸ ኑሮ ፍላጎት፣ ያንንም በሥራ አገኘዋለሁ የሚል ተስፋ። አእምሮ ደግሞ መውጫውን ያሳያል። መፍትሔውም ከበሽታው ይከተላል። ችግሩ አለመተማመን ከሆነ፣ ቃሉን ያጠፈውን የሚቀጣ ኃይል ያስፈልጋል፤ ሰይፍ የሌለው ውል ቃል ብቻ ነውና። ይህ ኃይል ገደብም አለው። የወጣኸው ሕይወትህን ለማዳን ስለሆነ፣ ይህ ሉዓላዊ ኃይል በሕግ ሞት ቢፈርድብህ እንኳ የመከላከል መብትህ አብሮህ ይቀራል።

«ሎክ ጋ የተፈጥሮ ሁኔታ ሰላም ነው። ታዲያ ምን ሊያደርጉ ወጡ?»

ይህን የሚጠይቅ ተማሪ ቢያንስ አስቧል። ለሎክ የተፈጥሮ ሁኔታና የጦርነት ሁኔታ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። መንግሥት ሳይኖርም የተፈጥሮ ሕግ አለ፤ በሌላው ሕይወትና ንብረት ላይ እጅህን አታንሳ ይላል። ጣጣው የሚመጣው ሕጉን የማስፈጸም ሥልጣን የእያንዳንዱ ሰው በመሆኑ ነው። ሁሉም በራሱ ጉዳይ ዳኛ ነው።

ማስተማር ስጀምር አንድ ግቢ ውስጥ አራት ተከራዮች ነበርን። ቆጣሪው አንድ ነው። መሐላችን ሌባ አልነበረም፤ ቡና የምንጠራራ ሰዎች ነን። ሂሳብ ሲመጣ ግን በየወሩ ጭቅጭቅ። እኔ ሁለት አምፖልና አንድ ራዲዮ ነው ያለኝ፤ «በዕቃ ይከፈል» አልኩ። ምጣድ ያላት ጎረቤቴ «በነፍስ ወከፍ» አለች። አምስት ልጆች ያሉት ሰውዬ «በቤት» አለ። ሁላችንም ያቀረብነው ለየራሳችን የሚቀንስልንን ነው። ሁላችንም ደግሞ ከልባችን ፍትሕ መስሎን ነበር። የታወቀና የተስማማንበት ሕግ የለም፤ ሎክ ስለ መንግሥት በጻፈው ሁለተኛ ድርሳን፣ በ9ኛው ምዕራፍ፣ የመጀመሪያው ጉድለት የሚለው ይህ ነው።

አከራይዋ ይዳኙን እንዳንል እሳቸውም እዚያው ቆጣሪ ላይ ናቸው። ከወገንተኝነት የራቀ ዳኛ የለም፤ ሁለተኛው ጉድለት። በስንት ልመና ከግቢው ውጪ የሚኖሩ አንድ ጡረተኛ ገቡልን። በቤት እኩል ይከፈል፣ ባለ ምጣድ ትንሽ ትጨምር ብለው ፈረዱ። አንዱ አልከፍልም አለ። ማን ያስከፍለው? ፍርዱን የሚያስፈጽም ኃይል የለም፤ ሦስተኛው ጉድለት። ከመሐላችን አንዱ ተናዶ ማታ ገመዱን ቆረጠበት። እሱ በበኩሉ የሁላችንን ቆረጠ። ሦስት ሌሊት በሻማ አደርን። ሰው ለራሱ ሲፈርድ ያዳላል፣ ሌላውን ሲቀጣ ደግሞ ንዴትና በቀል ከልክ ያሳልፉታል የሚለውን ሎክን ያን ጊዜ በሻማ እያነበብኩት ነበር ብል ውሸት ነው። ግን ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

በርግጥ እኛ አገርና ፍርድ ቤት ነበረን። ለአምፖል ብሎ የሚከስ ሰው ስለሌለ እንጂ።

ከሆብስ ጋር ያለውን ልዩነት ያዙልኝ። ሆብስ ጋ የጎደለው የሚያስፈራ ኃይል ነው፤ ማንም ይሁን፣ ይኑር ብቻ። ሎክ ጋ የጎደለው ገለልተኛ ዳኝነት ነው። ስለዚህ በራሱ ጉዳይ ራሱ የሚፈርድ ንጉሥ መፍትሔ አይሆንም፤ ከእሱ ጋር ገና በተፈጥሮ ሁኔታ ውስጥ ነህ። ከሸለምጥማጥና ከቀበሮ ለመዳን ብለው አንበሳ ይብላን የሚሉ ሰዎች ሞኞች ናቸው ይላል።

«ሎክ ንብረት ሲል ቤትና መሬት ማለቱ ነው።»

እዚያው 9ኛው ምዕራፍ ውስጥ ሕይወትን፣ ነጻነትንና ሀብትን አንድ ላይ ነው ንብረት ያላቸው።

«ሩሶ ወደ ጫካ እንመለስ ብሏል።»

አላለም። እንዲያውም ተቃዋሚዎቼ እንዲህ ያለ መደምደሚያ ይወዳሉ ብሎ ቀድሞ አሹፎባቸዋል። ጸሐፊው ቮልቴር የ1755ቱን መጽሐፉን አንብቦ በአራት እግር መሄድ አሰኘኝ ብሎ ጻፈለት፤ ቀልዱ ከመጽሐፉ በላይ ዕድሜ አገኘ።

«ሩሶ የሆብስ ተቃራኒ ስለሆነ እሱ ጋ ጦርነት የለም።»

አለ እንጂ! ቦታው ነው የተለየው። በ1755 እ.ኤ.አ. ስለ ሰዎች መበላለጥ መነሻ ሲጽፍ፣ የመጀመሪያው ሰው ብቸኛ ነው። ራሱን ለማቆየት ይጥራል፣ ሌላው ሲሰቃይ ደግሞ ያዝናል። ሊጣላ የሚያበቃው ብዙ ነገር የለውም። ያ ሰው ከዚያ ለመውጣት ምክንያት የለውም፤ አይወስንምም። ቀስ በቀስ ነው የሚንሸራተተው። ጎጆ ይመጣል፣ ቤተሰብ ይመጣል፣ ራስን ከሌላው ጋር ማወዳደር ይመጣል። ከዚያ ብረትና እህል። መሬት ታጥሮ «ይህ የኔ ነው» ይባላል። ሀብታምና ድሃ ይለያያሉ፣ ያን ጊዜ ጦርነቱ ይነሳል። ሆብስ መጀመሪያ ላይ ያስቀመጠውን ሩሶ መጨረሻ ላይ አመጣው ማለት ነው።

በዚህ ጦርነት የበለጠ የሚያጣው ማን ነው? ሀብታሙ። ስለዚህ ውሉን የሚያቀርበው እሱ ነው፦ ተሰባሰቡ፣ ሁላችንንም የሚጠብቅ ሕግ እናውጣ። ድሆቹም ነጻነታቸውን የሚያስከብሩ መስሏቸው ወደ ሰንሰለታቸው ሮጡ። ይህ ውል ማጭበርበር ነው።

በ1762 ባወጣው «ማኅበራዊ ውል» በተባለው መጽሐፉ ላይ ግን ሌላ መውጫ አለ። እንቅፋቱ አንድ ሰው ብቻውን ከሚችለው በላይ ሲሆን ሰዎች ኃይላቸውን ማስተባበር አለባቸው። ያኔ እያንዳንዱ ራሱን ለሁሉ ይሰጣል፤ ለአንድ ጌታ ሳይሆን። መውጣቱም ኪሳራ አይደለም፤ በደመ ነፍስ የሚኖረው ውስን እንስሳ በዚህ ነው አስተዋይ ሰው የሚሆነው። የ1755ቱ ውል እንዴት እንደተታለልን ይነግረናል፤ የ1762ቱ ደግሞ ሳንታለል መዋዋል ይቻል እንደሆነ ይጠይቃል። ሁለቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር የቀላቀለ ወረቀት ሲደርሰኝ ጠርዙ ላይ በቀይ «የትኛው ዓመት?» ብዬ እመልሳለሁ።