ቀዩ ቁልፍ ወይስ የጓጉንቸሩ ቁልፍ? የስልጠና ስላይድ ወደ አማርኛ ሲመለስ

«አንድ ቃል ደጋግሞ መጻፍ ያሰለቻል፤ ቢለዋወጥ ይሻላል።»

ለልብ ወለድ ይሆናል። ለስልጠና ስላይድ ግን አደገኛ ነው፤ አንድ ዕቃ ሁለት ስም ሲኖረውም ሆነ ሁለት ዕቃ አንድ ስም ሲጋሩ ሰው ይሳሳታል። ኮምቦልቻ ውስጥ ለአንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኞች የማሽን ደህንነት ስላይዶችን ከእንግሊዝኛ ስመልስ፣ ሦስተኛው ላይ «ቀዩን ቁልፍ ይጫኑ»፣ ዘጠነኛው ላይ «ቁልፉ በሠራተኛው ኪስ ይቆይ» ብዬ ጻፍኩ። የመጀመሪያው ማሽኑን በአደጋ ጊዜ የሚያቆመው ነው፤ ሁለተኛው ዋናው ማጥፊያ የሚዘጋበት ጓጉንቸር መክፈቻ ነው። ስላይዶቹን በሞከርንበት ዕለት አንዲት ሠራተኛ እጇን አንስታ «ቀዩን ከተጫንኩ ገብቼ ማጽዳት እችላለሁ ማለት ነው?» ስትል ጠየቀች። ደነገጥኩ። ቀዩ ማሽኑን ያቆማል እንጂ ኃይሉን ከምንጩ አይለይም፤ እጇ ማሽኑ ውስጥ እያለ ሌላ ሰው ሊያስነሳው ይችላል።

ከዚያ ወዲህ መተርጎም ሳልጀምር ሦስት ዓምድ ያለው ሠንጠረዥ አዘጋጃለሁ፦ የእንግሊዝኛው ቃል፣ የተመረጠው አማርኛ፣ የማንጠቀምበት አማርኛ። ቀዩ «ማቆሚያ» ሆነ፣ መቆለፊያው «ጓጉንቸር»፣ «ቁልፍ» ለመክፈቻው ብቻ ቀረ። ቃሉን የምመርጠውም ማሽኑ አጠገብ ቆሜ፣ ሠራተኞቹ ምን እንደሚሉት ሰምቼ ነው።

«ጽሑፉ ካልበቃ ፊደሉን ማሳነስ ነው።»

ፓወር ፖይንት ሳይጠየቅም ያሳንሰዋል፤ ስለዚህ ሳጥኑ ላይ `Do not Autofit` የሚለውን እመርጣለሁ። የእኛ ፊደል ከፊደል የሚለየው በትንሽ ቅጥያ ነው፤ ፊደሉ ሲያንስ ከኋላ ለተቀመጠ ሰው «ሱ» እና «ሲ» ይመሳሰሉበታል። መቀነስ ያለበት ዓረፍተ ነገሩ ነው። «ማሽኑን ለማጽዳት ከመጀመርዎ በፊት የኤሌክትሪክ ኃይሉ መጥፋቱን ማረጋገጥ ይኖርብዎታል» ዘጠኝ ቃል ነው። «ከጽዳት በፊት ኃይል መጥፋቱን ያረጋግጡ» አምስት ነው፤ የማሽኑ ስም ርዕሱ ላይ ስላለ አልጎደለም። «ያረጋግጡ» ደግሞ ለወንድም ለሴትም ይሆናል። ቦታ ለማትረፍ ብዬ የማልነካው የሠንጠረዡን ቃል ነው፤ «ማቆሚያ» አንዱ ስላይድ ላይ አጥሮ ሌላው ላይ ከረዘመ ሁለት ዕቃ ይመስላል።

«ቃሉን ኋላ ላይ በአንድ ጊዜ መተካት ይቻላል።»

በእንግሊዝኛ ብዙ ጊዜ ይሠራል፤ በአማርኛ ግን የቃሉ መጨረሻ ፊደል ይለወጣል። `Ctrl+H` ከፍቼ «ቁልፍ» ብዬ ስፈልግ «ቁልፉ»ን እና «ቁልፎች»ን አላገኘም፣ ምክንያቱም «ፍ»፣ «ፉ» እና «ፎ» ለኮምፒውተሩ የተለያዩ ፊደላት ናቸው። በተቃራኒው የመጨረሻው ስላይድ ርዕስ «ቁልፍ ነጥቦች» ስለነበር ሁሉንም በአንዴ ብተካ «ማቆሚያ ነጥቦች» ይሆን ነበር። አሁን የምፈልገው «ቁል» ብዬ ነው፤ እያንዳንዱንም አይቼ እለውጣለሁ። «ኃይል»፣ «ሀይል» እና «ሃይል» ተቀላቅለው ከሆነ ሦስቱንም ለየብቻ መፈለግ ያስፈልጋል። በፎቶ መልክ የገባ የማሽን ሥዕል ላይ ያለውን ጽሑፍ ግን ፍለጋው ጨርሶ አያየውም፤ ጓጉንቸሩ «ቁልፍ» ተብሎ የቀረው እዚያ ሥዕል ላይ ነበር፣ ያገኘሁትም ስላይዶቹን አትሜ በእስክሪብቶ ስከተል ነው።