የአንድ ገጽ የክለሳ ማስታወሻ ምንድን ነው?

የአንድ ገጽ የክለሳ ማስታወሻ መምህሩ በብዙ ስላይድ ያቀረበውን ትምህርት ተማሪው ራሱ ባወጣቸው ርእሶችና ትርጓሜዎች ሥር አደራጅቶ በአንድ ኤ4 ገጽ ላይ የሚጽፈው ጽሑፍ ነው። በፈተና ሰሞን ደሴ ውስጥ ፎቶ ኮፒ ቤት ሄዶ ስድስት ስላይድ በአንድ ገጽ አሳትሞ መውጣት ሌላ ጉዳይ ነው። እሱ ወረቀት ይቆጥባል፤ የሚነበበው ግን ያው ነው፣ ዓይንን ከማድከሙ በቀር።

ልዩነቱ የሚመጣው ከአደረጃጀቱ ነው። ስላይድ የሚሠራው ለንግግር ነው። መምህሩ አንድ ሐሳብ ያነሣል፣ ሥዕል ያሳያል፣ ወደ ሌላ ይሄዳል፣ ከሰዓታት በኋላ የመጀመሪያውን ሐሳብ በሌላ ስም ያነሣዋል። ፈተናው ግን በዚያ ቅደም ተከተል አይጠይቅም። በሰማንያ ስላይድ ተበታትኖ የተቀመጠውን አንድ ላይ ሰብስቦ የሚያነሣ ጥያቄ ይመጣል። ስለዚህ የማስታወሻው ርእሶች ከስላይዶቹ ርእስ የተቀዱ ከሆኑ ሥራው ገና አልተጀመረም።

አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። በደሴ የጤና ሳይንስ ተማሪ ስለ ወባ በሽታ ሰማንያ ያህል ስላይድ ተሰጠው እንበል። ፋይሉ የፓወርፖይንት ከሆነ View ውስጥ ገብቶ Outline View የሚለውን መምረጥ ጥሩ መነሻ ነው፤ ርእስና ጽሑፉን ብቻ በተርታ ያሳያል። ሥዕሎችንና በተለየ ሣጥን ውስጥ የተጻፉ ቃላትን ግን አያሳይም፤ ስለዚህ እነሱን ለማየት ወደ ስላይዶቹ መመለስ የግድ ነው። በዚህ ንባብ እስክሪብቶ አያስፈልግም። የሚፈለገው የትኛው ስላይድ አዲስ ነገር ይናገራል፣ የትኛው ቀድሞ የተባለውን ይደግማል የሚለውን መለየት ብቻ ነው። የመክፈቻው፣ የ«ዓላማዎች»፣ የፎቶግራፍና የድጋሚ ስላይዶች ሲነሡ የሚቀረው ከተፈራው በጣም ያነሰ ይሆናል።

ቀጥሎ ርእስ ማውጣት ነው። እኔ ርእስን በጥያቄ መልክ መጻፍ እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም ጥያቄ ከሥሩ ምን መግባት እንዳለበት ራሱ ይወስናል። ለወባ አምስት ይበቃሉ፦ ምን ያመጣዋል? እንዴት ይተላለፋል? ለምን ይመለሳል? በምን ይታወቃል? በምን ይታከማል?

ከእነዚህ ውስጥ ሦስተኛውን እንየው፤ በስላይዶቹ ውስጥ በዚህ ስም የተጻፈ ርእስ ላይኖር ይችላልና። ወባን ስለሚያመጡት ጥገኛ ተሕዋስያን የሕይወት ዑደት በሚናገረው ክፍል አካባቢ፣ ፕላስሞዲየም ቫይቫክስ ጉበት ውስጥ ተኝቶ የሚቆይ ሂፕኖዞይት የሚባል ቅርጽ እንዳለው፣ ፕላስሞዲየም ፋልሲፓረም ግን እንደሌለው ተጽፏል። ሕመሙ ሊያገረሽ እንደሚችል የሚነገረው ከብዙ ስላይድ በኋላ ነው። ፕሪማኪን የሚባለው መድኃኒት ደግሞ ወደ መጨረሻው በሕክምናው ሠንጠረዥ ውስጥ ይገኛል። ሦስቱ አንድ ታሪክ ናቸው፦ ጉበት ውስጥ የተኛ ስላለ ሕመሙ ይመለሳል፤ ደም ውስጥ ያለውን የሚያጠፉት የተለመዱት መድኃኒቶች የተኛውን ስለማይገድሉ ፕሪማኪን ይጨመራል። በማስታወሻው ላይ ሦስቱ በአንድ ርእስ ሥር፣ ምክንያትና ውጤት ሆነው መቀመጥ አለባቸው።

ትርጓሜ ላይ ብዙው ማስታወሻ ይወድቃል። «ሪላፕስ፦ የወባ ተመልሶ መምጣት» ብሎ የጻፈ ተማሪ ምንም አልጻፈም፤ ይህ አባባል ለሪክሩደሰንስም ለሪኢንፌክሽንም እኩል ይሆናል። ትርጓሜ ዋጋ የሚኖረው ቃሉን ከቅርብ ጎረቤቶቹ ሲለየው ነው። ስለዚህ የሚምታቱትን ጎን ለጎን መጻፍ ይሻላል፦

ሪላፕስ፦ ጉበት ውስጥ ከተኛ ሂፕኖዞይት የሚነሣ ዳግም ሕመም፤ በቫይቫክስና በኦቫሌ ዝርያዎች።
ሪክሩደሰንስ፦ ከደም ውስጥ ሙሉ በሙሉ ሳይጠፋ የቀረው ተሕዋስ እንደገና በዝቶ የሚያመጣው ሕመም።
ሪኢንፌክሽን፦ በአዲስ የትንኝ ንክሻ የመጣ አዲስ ሕመም።

አሁን ጥያቄ እንሞክርበት። አንድ የደሴ ሰው ቆላ አገር ለአዝመራ ሥራ ሄዶ የቫይቫክስ ወባ ያዘው፤ ደም ውስጥ ያለውን የሚያጠፋውን ክሎሮኪን ብቻ ወስዶ ዳነ። ደሴ ከተመለሰና ከከተማው ሳይወጣ ሦስት ወር ከቆየ በኋላ እንደገና ትኩሳት ያዘው፣ ደሙም ቫይቫክስ አሳየ። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር ያለፈች ደጋ ናት፤ በኢትዮጵያ ወባ በአብዛኛው የሚተላለፈው ከ2,000 ሜትር በታች ስለሆነ አዲስ ንክሻ መሆኑ ያጠራጥራል። ከደም ያልጠፋ ተሕዋስ ቢሆን ብዙውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ይታይ ነበር። ቀሪው ሪላፕስ ነው፤ የጎደለውም ፕሪማኪን ነው። ሰውየው ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ በምትርቀው፣ ግን ከ2,000 ሜትር በታች ባለችው ኮምቦልቻ ይኖር ቢሆን ኖሮ ሪኢንፌክሽንን እንዲህ በቀላሉ መጣል አይቻልም ነበር። ሦስቱ መስመሮች ይህን ያህል ካሠሩ ገጹ ላይ የያዙት ቦታ ይገባቸዋል።

ሲያሳጥሩ መጀመሪያ የሚጠፋው «ካልሆነ በቀር» የሚለው ነው። «ፕሪማኪን፦ ለቫይቫክስ» ብሎ መጻፍ ቀላል ነው፤ ለነፍሰ ጡር እንደማይሰጥና የጂ-6-ፒዲ ኤንዛይም እጥረት ያለበትን ሰው ቀይ የደም ሴሎች ሊያፈርስ እንደሚችል ግን ወደ ውጭ ይጣላል። ቁጥርም እንዲሁ ነው። ለከባድ ወባ በደም ሥር የሚሰጠው አርቴሱኔት መጠን «2.4» ተብሎ ብቻ ከተጻፈ ከሳምንት በኋላ ምን እንደሆነ አይታወቅም። «በአንድ ኪሎ ክብደት 2.4 ሚሊግራም፤ ከ20 ኪሎ በታች ለሆኑ ሕፃናት 3» ተብሎ መጻፍ አለበት። ቦታ ከጠበበ የሚወጣው ምሳሌ ይሁን፤ ቅድመ ሁኔታው አይነካ።

የሕይወት ዑደቱን ሥዕል እንዳለ መቅዳት ሩብ ገጽ ይበላል። አራት ቃል በቀስት ማገናኘት ይበቃል፦ ትንኝ፣ ጉበት፣ ደም፣ ትንኝ፤ ከጉበት ላይ አንድ የጎን ቀስት ወጥቶ «ሂፕኖዞይት» ይባልበታል።

ማስታወሻው መሥራቱን ለማወቅ ከርእሶቹ በታች ያለውን በሌላ ወረቀት ሸፍኖ ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ ጮክ ብሎ መመለስ ነው። ስላይዱ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ቢሆንም መልሱን ለክፍል ጓደኛ በአማርኛ ማስረዳት ያቃተው ተማሪ፣ ቃላቱን እንጂ ሐሳቡን እንዳልያዘ ያውቃል። ሌላው ምልክት ግስ የሌለው መስመር ነው። «ጉበት – ቫይቫክስ – ፕሪማኪን» በተጻፈበት ማታ ግልጽ ይመስላል፤ በፈተናው ዋዜማ ግን ማን ምን እንደሚያደርግ አይናገርም።

ለሁሉም ትምህርት እኩል አይሠራም። በኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ምህንድስና የሚማር ተማሪ ስለ ዓምድ መጉበጥ የሚያስተምረውን የኦይለር ቀመር በአንድ ገጽ ሊይዘው ይችላል፦ P = π²EI/(KL)²። እያንዳንዱ ፊደል ምን እንደሆነ፣ በምን አሃድ እንደሚለካ፣ ቀመሩም ለቀጭንና ረጅም ዓምድ ብቻ እንደሚሠራ ይጽፍበታል። አጭርና ወፍራም ዓምድ ሳይጎብጥ በፊት ቁሱ ራሱ እጅ ይሰጣልና ያ ገደብ ከቀመሩ ጋር አብሮ መጻፍ አለበት። ሂሳቡን መሥራት ግን ከዚህ ገጽ አይገኝም፤ ለእሱ የመልመጃ ደብተርና የተሠሩ ጥያቄዎች ያስፈልጋሉ።